ትዝታን በእንግሊዝኛ መጻፍ፦ «ዩስት ቱ»፣ «ዉድ» እና «ጌት ዩስት ቱ» በአንድ አጭር መልእክት ውስጥ

የአማርኛ ተናጋሪ ስላለፈ ልማዱ ሲናገር በእጁ ያለው ዋነኛ መሣሪያ አንድ ነው፤ ትንቢት አንቀጽን ከ«ነበር» ጋር ያጣምራል። «እንወርድ ነበር»፣ «ትዘፍን ነበር»፣ «እወደው ነበር» ይላል፤ የተደጋገመ ድርጊትም ሆነ የቆየ ስሜት በዚሁ ቅርጽ ይገለጻል። ይኸው ቅርጽ ከዚህ በላይም ይሸከማል። «ስትደውል እራት እበላ ነበር» ሲባል በዚያች ሰዓት በመካሄድ ላይ የነበረን ድርጊት ያመለክታል፤ «ብትነግረኝ ኖሮ እመጣ ነበር» ሲባል ደግሞ ሳይሆን የቀረን ነገር ይናገራል። ተናጋሪው ልማዱን፣ በሂደት ላይ የነበረውን እና ያልሆነውን የሚለየው በአውዱ እንጂ በግሡ ቅርጽ አይደለም።

እንግሊዝኛ ይህን ሸክም ያከፋፍላል። ለልማድ «ዩስት ቱ» እና «ዉድ» አሉ፤ ተራው ኃላፊ ግሥም ከጊዜ ገላጭ ጋር ሆኖ ይኸንኑ ሥራ መሥራት ይችላል። በመካሄድ ላይ ለነበረው የ«ዎዝ» እና የ«ኢንግ» ጥምር አለ። በመልኩ «ዩስት ቱ»ን የሚመስለው «ጌት ዩስት ቱ» ደግሞ ጭራሹን ከዚህ ቤተሰብ ውጭ ነው፤ እርሱ የአማርኛው «ለመደ» ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው፦ በ«ነበር» የሚያስብ ሰው ትዝታውን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ የትኛው ቅርጽ የት ይገባል? ቢሳሳትስ አንባቢው የሚረዳው ምንድን ነው? የእንግሊዝኛዎቹ ቅርጾች እዚህ የተጻፉት እንደሚሰሙት ነው። «ዩስት ቱ» በ«ዝ» ሳይሆን በ«ስ» መጻፉም ለዚህ ነው፤ «ተጠቀመ» የሚለው ግሥ «ዩዝድ» ሲባል የልማዱ ቃል ግን «ዩስት» ነው፣ መጨረሻውም ከተከታዩ «ቱ» ጋር ተዋሕዶ ይነገራል።

ለማሳያ የሚከተለው መልእክት ተዘጋጅቷል። ጸሐፊዋ ባሕር ዳር ተወልዳ ያደገች፣ አሁን በሚኒያፖሊስ በነርስነት የምትሠራ ሴት ናት እንበል። ተቀባዩ የአክስቷ ልጅ ነው፤ በሰባት ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ በመሄዱ አማርኛ ይሰማል እንጂ አያነብም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ትጽፍለታለች። ልትል የፈለገችው በአማርኛ ይህ ነው፦

«ልጆች ሳለን ሐይቁ አጠገብ እንኖር ነበር። ውሻ ነበረን። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ውሃው እንወርድ ነበር፤ አያታችን ፈንዲሻ ትቋጥርልን ነበር። ውሻው ውሃ አልገባም ይል ነበር። አንድ ቀን አንተ ከታንኳ ላይ ወደቅህ። አያታችን በየጠዋቱ በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ትሄድ ነበር። እዚህ ብርዱን ለምጃለሁ፤ በጨለማ መንቃትን ግን ልለምደው አልቻልኩም።»

የመጀመሪያ ረቂቋ የሚከተለውን ይመስላል፦

«ዊ ዉድ ሊቭ ኒር ዘ ሌክ። ዊ ዉድ ሃቭ ኤ ዶግ። ኦን ሳተርደይስ ዊ ዌር ጎይንግ ቱ ዘ ዎተር፣ ግራንድማ ዎዝ ፓኪንግ አስ ፖፕኮርን። ዘ ዶግ ዲድንት ጎ ኢን። ዋን ደይ ዩ ዩስት ቱ ፎል ፍሮም ዘ ቦት። ግራንድማ ዩስት ቱ ዎክ ቱ ቸርች ኤቭሪ ሞርኒንግ። አይ ዩስት ቱ ዘ ኮልድ ናው፣ በት አይ ካንት ጌት ዩስት ቱ ዌክ አፕ ኢን ዘ ዳርክ።»

በዚህ ረቂቅ ውስጥ ያሉት ስሕተቶች የዘፈቀደ አይደሉም። አብዛኞቹ ከአማርኛው ቅርጽ ተነሥተው መንገዳቸውን መከተል የሚቻሉ ናቸው፤ ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ በሰዋስው ረገድ ምንም እንከን የሌለበት ዓረፍተ ነገር ነው።

መልሕቅ የሌለው «ዉድ»

ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እንጀምር። «ዊ ዉድ ሊቭ ኒር ዘ ሌክ» የሚለውን ያለ ምንም መቅድም ያነበበ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጅነትን አያስብም። የሚያስበው ቅድመ ሁኔታ ነው፦ «ቢቻለን ሐይቁ አጠገብ እንኖር ነበር»። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሲጨመር ምኞቱ ይበልጥ ይጎላል፤ ቤትም ውሻም የሚያልም ሰው የጻፈው ይመስላል። ይህ የሚሆነው «ዉድ» ራሱን የቻለ የኃላፊ ጊዜ ምልክት ስላልሆነ ነው። ልማድን የሚያመለክተው አንባቢው አስቀድሞ ወደ አንድ የታወቀ ያለፈ ዘመን ከተወሰደ በኋላ ብቻ ነው። መልሕቁ «ልጆች ሳለን» የሚል ሐረግ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ» የሚል የድግግሞሽ ገላጭ፣ ወይም ቀድሞ በ«ዩስት ቱ» የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ሳይታሰብ ይቀራረባሉ። «እመጣ ነበር» ያለ አውድ ሲሰማ «በየጊዜው እመጣ ነበር» ወይስ «ብትጠራኝ እመጣ ነበር» መሆኑ እንደማይለይ ሁሉ «ዉድ»ም ልማድንና ያልሆነ ነገርን በአንድ ቅርጽ ይይዛል። አማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎች «ዉድ»ን ለ«ነበር» ምትክ አድርገው ቢወስዱት የሚያስገርም አይደለም፤ ከሁለቱ የእንግሊዝኛ ቅርጾች ለ«ነበር» በባሕርዩ የሚቀርበው በእርግጥም እርሱ ነው። ልዩነቱ አማርኛው «ኖሮ» እና «ብ-» በሚሉ ምልክቶች ያልሆነውን ለብቻው ስለሚያስታውቅ፣ እነርሱ በሌሉበት አድማጩ በቀላሉ ወደ ልማድ ማዘንበሉ ነው። የእንግሊዝኛ አንባቢ ግን መልሕቅ ካልተሰጠው የሚያዘነብለው ወደ ቅድመ ሁኔታው ነው።

መልሕቁ ሲገኝም ሌላ ገደብ ይቀራል። «ዌን ዊ ዌር ሊትል ዊ ዉድ ሃቭ ኤ ዶግ» ቢባል ጊዜው ግልጽ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን አሁንም አይቆምም። ውሻ መኖር እየተቋረጠ የሚደጋገም ነገር አይደለም፤ ያለማቋረጥ የቆየ ኹነት ነው። «ዉድ» ለሚደጋገም ነገር እንጂ ሳይቋረጥ ለሚቆይ ኹነት አይመችም። «ዩስት ቱ» ሁለቱንም ይቀበላል። ስለዚህ መኖር፣ ባለቤት መሆን፣ መውደድ፣ ማወቅ፣ ማመን በ«ዩስት ቱ» ወይም በተራው ኃላፊ ግሥ ይገለጻሉ። «እወደው ነበር»ን በ«ዉድ» የተረጎመ ሰው «እወደው ይሆን ነበር» ብሎ ያርፋል፤ የተነገረው ስለ ሟች አያት ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ይህን ሕግ በግሦች ዝርዝር ያስቀምጡታል፤ «ቢ»፣ «ሃቭ»፣ «ላይክ»፣ «ኖው» ከ«ዉድ» ጋር አይሄዱም ይላሉ። ዝርዝሩ ለጀማሪ ይጠቅማል፤ ለተመራማሪ ግን አሳሳች ነው። «ኦን ሳተርደይስ ዘ ሃውስ ዉድ ቢ ፉል ኦቭ ፒፕል»፣ ማለትም «ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ በሰው ይሞላ ነበር»፣ እንከን የለሽ እንግሊዝኛ ነው፤ ግሡ ግን «ቢ» ነው። ቤቱ በየቅዳሜው እየሞላ በየእሑዱ ስለሚራቆት ኹነቱ ተደጋጋሚ ሆኗል። መስመሩ የሚያልፈው በግሥና በግሥ መካከል ሳይሆን በቆየና በተመላለሰ ነገር መካከል ነው። መሞከሪያውም ቀላል ነው፦ ዓረፍተ ነገሩ ላይ «በየጊዜው» ወይም «በመጣን ቁጥር» ጨምሮ ትርጉሙ ሳይዛባ ከቆመ «ዉድ» ይቀበለዋል። «በመጣን ቁጥር ቤቱ በሰው ይሞላ ነበር» ይላሉ፤ «በመጣን ቁጥር ውሻ ነበረን» ግን አይሉም።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር የተሳሳተው ከተቃራኒው አቅጣጫ ነው። «ዊ ዌር ጎይንግ» የ«ነበር»ን ሌላ ፊት፣ በሂደት ላይ የነበረውን፣ ይዞ መጥቷል። አንባቢው «ወደ ውሃው እየሄድን ነበር» ብሎ ይረዳና መንገድ ላይ የሆነውን ነገር ይጠብቃል፤ የሚነገረው ግን የለም። «ኦን ሳተርደይስ» የሚለው መልሕቅ እዚሁ ስላለ ግሡን ወደ «ዊድ ጎ» መቀየር ብቻውን ይበቃል። አጭሩ «ዊድ» በወዳጅ መልእክት ውስጥ ከሙሉው «ዊ ዉድ» ይልቅ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን «ዊ ሃድ»ም ሲያጥር «ዊድ» ስለሚሆን የሚለየው ተከታዩ ግሥ ነው። እንደ «ካም» ባሉ፣ መነሻቸውና ሦስተኛ ቅርጻቸው አንድ በሆነ ግሦች ላይ ልዩነቱ ስለሚጠፋ እዚያ ሙሉውን መጻፍ ይሻላል።

አልገባም ያለው ውሻ

በረቂቁ ውስጥ «ዘ ዶግ ዲድንት ጎ ኢን» ስሕተት አይደለም፤ የላላ ነው። ውሻው አለመግባቱን ይናገራል፤ «አልገባም ይል ነበር» የሚለው አማርኛ ግን ከዚህ በላይ አለው። አማርኛ አሉታውን በአንደኛ መደብ አስቀምጦ «አለ»ን በመጨመር እምቢታን ይገልጻል። ለዚህም ተናጋሪ ሰው አያስፈልገውም፤ «በሩ አልከፈትም አለ»፣ «መኪናው አልነሣም አለ» ይባላል። የዚህ ትክክለኛ አቻ በእንግሊዝኛ «ዉድንት» ነው። «ዘ ዶግ ዉድንት ጎ ኢን» ውሻው ዳር ቆሞ ሲያሻፍድ ያሳያል።

አንድ የሚገርም ልዩነት ግን አለ። አዎንታዊው «ዉድ» አንድ ጊዜ ለሆነ ነገር አይውልም፤ አሉታዊው ይውላል። «ዛት ሞርኒንግ ዘ ካር ዉድንት ስታርት» ማለት ይቻላል፤ ያን ዕለት ጠዋት መኪናው አልነሣም አለ። በአሉታው ውስጥ የሚሰማው ድግግሞሽ ሳይሆን እምቢታ ስለሆነ ነው፤ እምቢታ ደግሞ አንዴም ቢሆን እምቢታ ነው። ስለዚህ «በልጅነቷ ሥጋ አትበላም ነበር»ን በ«ዉድንት» የሚጽፍ ሰው ልጅቷን እልኸኛ አድርጎ ይስላታል። ሥጋ የማትበላው ባለመኖሩ ከነበረ የሚሻለው «ኔቨር ዩስት ቱ» ወይም ተራው «ዲድንት» ነው።

«ዋን ደይ ዩ ዩስት ቱ ፎል» የሚለው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። አንድ ቀን የሆነ ነገር ልማድ አይደለም፤ ተራው «ፌል» ይበቃዋል። ከዚሁ ጋር የሚሄድ፣ ብዙም የማይታወቅ ገደብ ግን መጠቀስ አለበት፦ ጠቅላላው ቁጥር ወይም የቆይታው መጠን ሲጠቀስ «ዩስት ቱ» ይወጣል። «እዚያ አምስት ዓመት ኖርን» በተራው «ሊቭድ» ነው የሚባለው፤ «ላሊበላን ሦስት ጊዜ አየሁ»ም እንዲሁ። «በሳምንት ሦስት ጊዜ» ግን ይቻላል፤ ድግግሞሹን ያሳያል እንጂ ድምሩን አይዘጋም። አማርኛውም ቢሆን «እዚያ አምስት ዓመት እንኖር ነበር» ሲባል ጆሮን ሸከክ ስለሚያደርግ፣ በዚህ ነጥብ ላይ የተማሪው የራሱ ቋንቋ ሊረዳው ይችላል።

አያቲቱ ምን ሆኑ?

አሁን እንከን ወደሌለበት ዓረፍተ ነገር እንምጣ። «ግራንድማ ዩስት ቱ ዎክ ቱ ቸርች ኤቭሪ ሞርኒንግ» በሰዋስው ረገድ ትክክል ነው፤ ይሁንና መልእክቱን በሥራ ቦታው ስልኩ ላይ የሚያነበው የአክስት ልጅ እዚህ ላይ መቆሙ አይቀርም። አያቱ አሁን መሄድ አይችሉም ማለት ነው? ታመሙ? ከዚያም የከፋ ነገር ሆኖ ሳይነገረው ቀረ? በአበሻ ቤተሰብ ውስጥ መርዶ በስልክ እንደማይነገርና ቀስ በቀስ እንደሚቀርብ የሚያውቅ ሰው ከሆነ ጥርጣሬው ይብሳል።

ምክንያቱ «ዩስት ቱ» ያለፈውን ከአሁኑ ጋር ማነጻጸሩ ነው። አንባቢው «ነበር፤ አሁን ግን የለም» የሚለውን ሁለተኛ ግማሽ ራሱ ይሞላል። ይህ ሁለተኛ ግማሽ የቃሉ ትርጉም ክፍል ነው ወይስ ከአነጋገሩ የሚመነጭ ግምት? በርናርድ ኮምሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት «አስፔክት» በተሰኘው መጽሐፋቸው ግምት ነው የሚለውን ወገን ይይዛሉ። መከራከሪያው ሊሠረዝ መቻሉ ነው። የትርጉም ክፍል የሆነ ነገር ቢሠረዝ ቅራኔ ይፈጠራል፤ «ዩስት ቱ» ግን «አሁንም እንደዚያው ናት» የሚል ተቀጽላ ሲከተለው ቅራኔ አይፈጥርም። «ሺ ዩስት ቱ ዎክ ቱ ቸርች ኤቭሪ ሞርኒንግ፣ ኤንድ ሺ ስቲል ደዝ» ማለት ይቻላል።

ይህ ለንድፈ ሐሳብ ይበቃል፤ ለመልእክቱ ግን አይበቃም። ግምቱ የሚሠረዝ ቢሆንም ካልተሠረዘ ይጸናል፤ አንባቢውም ያልተነገረውን ተቀጽላ ሊያውቅ አይችልም። የአማርኛው «ትሄድ ነበር»ም ተመሳሳይ ጥላ አለው፤ ስለ ሕያው ሰው ሲነገር አድማጩ «አሁንስ?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። ነገር ግን በአማርኛ ውይይት «ነበር» ሙሉውን የትዝታ ትረካ ስለሚሸከም እያንዳንዱ መታየቱ ለብቻው አይመዘንም። በእንግሊዝኛ «ዩስት ቱ» ከተራው ኃላፊ ግሥ ተለይቶ የተመረጠ ቅርጽ ነው፤ አንባቢው የተመረጠበትን ምክንያት ይፈልጋል።

ጸሐፊዋ ከሦስት መንገዶች አንዱን መውሰድ ትችላለች። አያቲቱ አሁንም የሚሄዱ ከሆነ ቀላሉ የአሁን ጊዜን መጠቀም ነው፤ «ግራንድማ ስቲል ዎክስ ቱ ቸርች ኤቭሪ ሞርኒንግ» ሲባል ትዝታው አይጠፋም፤ የአክስት ልጁም የሚያውቀው ነገር እንዳልተለወጠ ይሰማል። ሁለተኛው፣ ትኩረቱ በልጅነት ዘመኑ ላይ ከሆነ፣ ድርጊቱን በቅዳሜዎቹ ትረካ ውስጥ በ«ዉድ» ማስገባት ነው። «ግራንድማ ዉድ ፓክ አስ ፖፕኮርን» የሚለው ዓረፍተ ነገር አያቲቱን አይገድልም፤ ያለፈው የልጆቹ ቅዳሜ እንጂ የእርሳቸው ፈንዲሻ መቋጠር አይደለምና። «ዉድ» ነገሩን ከዘመኑ ጋር ያስራል፤ «ዩስት ቱ» ከዛሬው ጋር ያፋጥጣል። ሦስተኛው መንገድ አያቲቱ በእርግጥ መሄድ ካቆሙ ነው፤ ያኔ «ዩስት ቱ» ትክክለኛው ቃል ይሆናል፤ ምክንያቱ ግን በዚያው ዓረፍተ ነገር ሊከተል ይገባል፤ ለምሳሌ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አሁን በመኪና እንደሚወሰዱ። ምክንያቱ ለሚቀጥለው መልእክት ከተላለፈ አንባቢው እስከዚያ የራሱን ይፈጥራል።

ይኸው ልዩነት የሁለቱን ቅርጾች ቅደም ተከተልም ያስረዳል። ማሪያን ሰልሴ-ሙርሲያ እና ዳያን ላርሰን-ፍሪማን «ዘ ግራመር ቡክ» በተባለው መጽሐፋቸው እንደሚያመለክቱት፣ በእንግሊዝኛ የትዝታ ትረካ ውስጥ «ዩስት ቱ» በመክፈቻው ላይ ይታያል፤ ዝርዝሩ ግን በ«ዉድ» ይቀጥላል። የመጀመሪያው በር ይከፍታል፤ «ያ ዘመን ከዛሬ የተለየ ነበር» ይላል። በሩ ከተከፈተ በኋላ ንጽጽሩን በየዓረፍተ ነገሩ መደጋገም አያስፈልግም። «ዩስት ቱ»ን ሰባት ጊዜ ያከታተለ መልእክት ስሕተት የለበትም፤ በየመስመሩ «አሁን ግን የለም» እያለ ስለሚያስተጋባ ግን ልቅሶ ይመስላል።

ለመደ፣ ለምዷል፣ መልመድ

በረቂቁ መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ስሕተቶች ወደ «ለመደ» ያደርሱናል። «አይ ዩስት ቱ ዘ ኮልድ» ግሥ የሌለው ዓረፍተ ነገር ነው። እዚህ «ዩስት» ረዳት ግሥ ሳይሆን «የለመደ» የሚል ቅጽል ስለሆነ ከፊቱ «አም» ይፈልጋል። አማርኛው «ለምጃለሁ» ሁለት ነገር በአንድ ይዟል፦ ለውጡ መፈጸሙን እና ውጤቱ አሁን መኖሩን። እንግሊዝኛ ለውጡን በ«ጌት ዩስት ቱ»፣ ውጤቱን በ«ቢ ዩስት ቱ» ለይቶ ያስቀምጣል። ስለዚህ «ብርዱን ለምጃለሁ» በሁለት መንገድ ይተረጎማል። «አይ አም ዩስት ቱ ዘ ኮልድ» ያለ ሰው ብርዱ እንደማያስቸግረው ብቻ ይናገራል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በብርድ ያደገም ቢሆን ሊለው ይችላል። «አይቭ ጎት ዩስት ቱ ዘ ኮልድ» ያለ ሰው ግን ቀድሞ ያስቸግረው እንደነበር ይመሰክራል። ከባሕር ዳር ሚኒያፖሊስ የገባች ሴት ሁለቱንም ማለት ትችላለች፤ የመጣችበትን መንገድ የሚያሳየው ሁለተኛው ነው።

የመጨረሻው ስሕተት፣ «ጌት ዩስት ቱ ዌክ አፕ»፣ በከፍተኛ ደረጃ ላይ ባሉ ተማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ ሳይቀር ሥር ሰድዶ የሚቀር ዓይነት ነው። ምንጩ የ«ቱ» ድርብ ማንነት ነው። በልማዱ «ዩስት ቱ» ውስጥ «ቱ» የንዑስ አንቀጽ ምልክት ስለሆነ ተራ ግሥ ይከተለዋል። በ«ጌት ዩስት ቱ» ውስጥ ግን መስተዋድድ ነው፤ ከኋላው ስም ይሻል፤ ግሥ ከመጣም በ«ኢንግ» ስም መሆን አለበት። አማርኛው እዚህ አይረዳም፤ «መንቃት» አንድ ቃል ሆኖ «መንቃት እፈልጋለሁ» ውስጥም «መንቃትን ለመድኩ» ውስጥም ሳይለወጥ ይገባል። መፈተኛው በግሡ ቦታ ስም ተክቶ ማየት ነው። «አይ ካንት ጌት ዩስት ቱ ዘ ዳርክ» ይባላል፤ «ዘ ዳርክ» ከገባ «ዌኪንግ አፕ»ም ይገባል። «አይ ዩስት ቱ ዘ ዳርክ» ግን አይባልም፤ ስለዚህ እዚያ የሚገባው «ዌክ አፕ» ብቻ ነው። መቀላቀሉም ትርጉም ይገለብጣል። «በጨለማ መንቃት ለምጃለሁ» ልትል የፈለገች ሴት «አም»ን ረስታ «አይ ዩስት ቱ ዌክ አፕ ኢን ዘ ዳርክ» ብትጽፍ፣ አንባቢው «ድሮ በጨለማ እነቃ ነበር፤ አሁን ቀረ» ብሎ ይረዳና የሥራ ፈረቃዋ ተቀየረ ብሎ ደስ ይለዋል።

«ጌት ዩስት ቱ» በጊዜ አለመታሰሩም ከልማዱ ቅርጽ ይለየዋል። ወደፊት፣ አሁን፣ ትእዛዝ፣ አሉታ ሁሉ ይቻለዋል፤ «ትለምደዋለህ» «ዩል ጌት ዩስት ቱ ኢት» ነው። የልማዱ «ዩስት ቱ» የአሁን ጊዜ ጭራሽ የለውም፤ «አሁን በየጠዋቱ እሄዳለሁ» ለማለት ተራው የአሁን ጊዜ ግሥ በቂ ነው።

የተስተካከለው መልእክት፣ አያቲቱ ደኅና እንደሆኑ ከታሰበ፣ እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦

«ዌን ዊ ዌር ሊትል ዊ ዩስት ቱ ሊቭ ኒር ዘ ሌክ። ዊ ሃድ ኤ ዶግ። ኦን ሳተርደይስ ዊድ ጎ ዳውን ቱ ዘ ዎተር፣ ኤንድ ግራንድማ ዉድ ፓክ አስ ፖፕኮርን። ዘ ዶግ ዉድንት ጎ ኢን። ዋን ደይ ዩ ፌል ኦፍ ዘ ቦት። ግራንድማ ስቲል ዎክስ ቱ ቸርች ኤቭሪ ሞርኒንግ። አይቭ ጎት ዩስት ቱ ዘ ኮልድ ሂር፣ በት አይ ካንት ጌት ዩስት ቱ ዌኪንግ አፕ ኢን ዘ ዳርክ።»

በዚህ ሰባት ዓረፍተ ነገር ባለው መልእክት ውስጥ የልማዱ «ዩስት ቱ» አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በመክፈቻው ላይ ታይቷል። «ዊ ሃድ ኤ ዶግ» በተራው ኃላፊ ግሥ መቅረቱ በምርጫ ነው፤ «ዩስት ቱ ሃቭ» ቢባልም ስሕተት አልነበረም፤ ግን ወዲያው ከመክፈቻው ቀጥሎ ሁለተኛ ንጽጽር ባስከተለ ነበር።

ጸሐፊዋ በመጨረሻ ጥያቄ መጨመር ብትፈልግ፣ ለምሳሌ «አንተስ ፈንዲሻውን ትወደው ነበር?» ብትል፣ አንድ የፊደል ጉዳይ ይጠብቃታል። ጥያቄው በ«ዲድ» ስለሚጀምርና የኃላፊው ምልክት ወደ እርሱ ስለሚዛወር፣ በመደበኛው አጻጻፍ «ዩስ» ከመጨረሻው የ«ዲ» ፊደል ተራቁቶ ይጻፋል፤ በ«ዲድንት» አሉታም እንዲሁ። በአነጋገር ግን «ዩስ ቱ» እና «ዩስት ቱ» አይለዩም፤ ጆሮ ስለማይረዳ የእንግሊዝኛ ተወላጆችም በሁለቱም አቅጣጫ ይሳሳታሉ፤ በጥያቄው ላይ ፊደሉን ይጨምራሉ፣ በአዎንታዊው ዓረፍተ ነገር ላይ ይገድፉታል። ተማሪው የሰማውን ድምፅ ሳይሆን «ዲድ» መኖር አለመኖሩን አይቶ መጻፍ ይኖርበታል። በ«ጌት ዩስት ቱ» ላይ ግን ፊደሉ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ቅጽል ስለሆነ «ዲድ ዩ ጌት ዩስት ቱ ኢት» በሚለው ጥያቄ ውስጥ የሚራቆተው «ጌት» እንጂ እርሱ አይደለም።